ስምንት ቀን ወስደህ አምስት ቀን ሰጠኸኝ

ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ ጂም አለችኝ። አብዛኛው ደንበኛዬ በሦስት ወር ነው የሚከፍለው፤ 3,600 ብር። ጠዋት በጣና ዳር ሮጠው የሚመጡ አሉ፤ ከሥራ መልስ የሚመጡ የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን ደግሞ ይበዛሉ። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ግን ብዙዎቹ ዝም ብለው ይቀሩ ነበር። ተጣልተውን አይደለም። ቀኑ ያልፋል፣ አንድ ሳምንት ይዘለላል፣ ከዚያ መመለሱ ይከብዳል።

ስለዚህ ቀኑ ሳያልፍ ቀድሞ ለሚያድስ ሰው አምስት ቀን ልመርቅ ወሰንኩ። ለሁሉም መልእክት ላክሁ። መጀመሪያ ከመጡት አንዷ በዕድሜ እናቴ የምትሆን መምህርት ነበሩ። ስምንት ቀን ሲቀራቸው በቴሌብር ከፈሉ። እኔም ከከፈሉበት ቀን ጀምሬ ሦስት ወር ቆጠርኩ፣ አምስት ቀን ጨመርኩ፣ ካርዳቸው ላይ ጻፍኩ።

በማግስቱ ካርዱን ይዘው መጡ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ቀኑን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ልጄ፣ ስምንት ቀን ወስደህ አምስት ቀን ሰጠኸኝ እኮ» አሉኝ። ደነገጥኩ። ልክ ናቸው። የቀሯቸው ስምንት ቀናት የተከፈለባቸው ነበሩ። ቀድመው በመክፈላቸው ሦስት ቀን ከሰሩ። ዝም ብለው ቀናቸውን ቢጨርሱ ይሻላቸው ነበር።

በዚያው ቀን የከፈሉትን ሁሉ ካርድ ሰብስቤ አስተካከልኩ። ከዚያ ወዲህ አዲሱ ጊዜ የሚጀምረው ከተከፈለበት ቀን ሳይሆን አሮጌው ከሚያበቃበት ቀን ነው። ዘግይቶ ለሚመጣ ብቻ ከከፈለበት ቀን ይጀምራል። በእጅ ስቆጥር እንዳልሳሳት ስልኬ ላይ ባለው ሠንጠረዥ ይህችን ቀመር አስገባሁ፦

```
=MAX(B2,D2)+90+IF(D2<=B2-7,10,0)
```

B2 አባልነቱ የሚያበቃበት ቀን ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሠራም። D2 የተከፈለበት ቀን ነው። ቢያንስ ሰባት ቀን ቀድሞ ለከፈለ አሥር ቀን ይጨምራል፤ አምስቱን ወደ አሥር አሳድጌዋለሁ። ሠንጠረዡ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ስለሆነ ካርዱ ላይ ወደ እኛ ቀይሬ እጽፋለሁ። እዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር ይመቻል። ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ 90 ቀን ማለት ልክ ሦስት ወር ነው፤ ኅዳር 18 ያለው የካቲት 18 ይሆናል። የሚያጣላው ጳጉሜ ነው። ሐምሌ 15 የጀመረ ሰው ጥቅምት 15 ይጠብቃል፤ 90 ቀን ግን ጥቅምት 10 ላይ ያልቃል። አሁን ጳጉሜን ከማንም ላይ አልቆጥርም። አምስቱን ቀን በእጄ እጨምራለሁ፣ ስድስት በሚሆንበት ዓመት ስድስት።

ለምን በብር አልቀነስኩም? ስጦታውን ከአምስት ወደ አሥር ቀን ሳሳድግ አስቤበት ነበር። ቅናሽ አንዴ ከሰጠህ በኋላ ደንበኛው ትክክለኛው ዋጋ ያ ነው ብሎ ይይዘዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ 3,600 ሲባል የተጨመረበት ይመስለዋል። ቀን ግን ዋጋውን አይነካም፤ በዚያው ልክ ጂም የመምጣት ልማዱንም ያረዝመዋል። ነጻ ነው ብዬ ግን ራሴን አላታልልም። ድሮ 3,600ን ለ90 ቀን ስናካፍለው በቀን 40 ብር ነበር። ለ100 ቀን ሲካፈል 36 ይሆናል። ከማስታወሻዬ እንዳየሁት ቀናቸው ከሚያልቅ 40 ሰዎች 22ቱ ያለምንም ስጦታ ያድሱ ነበር። 22 ሰው በ40 ብር በቀን 880 ነው። ሁሉም ስጦታውን ከወሰዱ ያንኑ ለማግኘት 25 ሰው ማደስ አለበት። 24 ከሆነ ከኪሴ እየከፈልኩ ነው ማለት ነው። ከተስተካከለ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ዙር 27 አደሱ። በየዙሩ ይህችን ሒሳብ እሠራለሁ፤ 25 ካልሞላ አሥሩን ቀን እቀንሳለሁ።

27 የደረስነው ግን በስጦታው ብቻ አልነበረም። መልእክቱ የሚሄድበት ቀን ነው ትልቁን ለውጥ ያመጣው። መጀመሪያ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው ነበር የምልከው። ቀኑ ኅዳር 18 ለሚያልቅበት ሰው መልእክቱ ኅዳር 8 ይደርሰዋል። በዚያ ሰዓት የደመወዝተኛ ኪስ ቤት ኪራይና አስቤዛ ጨርሶታል። መፈለጉን ይፈልጋል፣ ብሩ የለም። አሁን የምልከው ከሚያልቅበት ቀን በፊት ባለው የደመወዝ ሳምንት ነው፤ ለዚህ ሰው ጥቅምት 28። የምጽፈውም እንዲህ ነው፦

«ሰላም፣ የጂም አባልነትዎ ኅዳር 18 ያበቃል። እስከ ኅዳር 11 ካደሱ አዲሱ ሦስት ወር ከኅዳር 18 ይጀምራል፣ 10 ቀንም ይጨመርልዎታል። የሚያበቃው የካቲት 28 ነው። የቀረዎት ቀን አይነካም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያስገባኋት በመምህርቷ ምክንያት ነው። «የካቲት 28» የሚለውም መቅረት የለበትም። ሰው «አሥር ቀን ይጨመራል» ሲባል በራሱ አይቆጥርም፤ ቀኑ ተጽፎ ሲያየው ግን ይገባዋል።

መልእክቱ ሊላክላቸው ለማይገባ ሰዎች ልኬም አውቃለሁ። ከአምስት ሳምንት በላይ ያልመጣ ልጅ ነበር። «አሥር ቀን እንጨምርልዎ» ስለው ደወለና፣ «ወንድሜ፣ ያለኝንም አልተጠቀምኩበት፣ አሥር ቀን ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። ለሥራ ገጠር ከርሞ ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ስጦታው ብሩ በከንቱ መቅረቱን ነው የሚያስታውሰው። አሁን ከመላኬ በፊት የመግቢያ መዝገቡን አያለሁ። ሁለት ሳምንት ያልመጣ ካለ መልእክት አልክም፤ እደውላለሁ። ምክንያት ካለው የቀረውን ቀን እይዝለታለሁ። ስለ ማደስ የማወራው ተመልሶ መሥራት ሲጀምር ነው። ያ ልጅ 20 ቀኑን ያዝኩለት፤ ሲመለስ ጨርሶ አደሰ፣ ያለ አሥሩ ቀን።

የሚያስቸግረኝ እስካሁን ስጦታው የሚያበቃበት የመጨረሻው ቀን ነው። አንድ ቀን ላሳለፈ ወዳጄ «እሺ፣ ግድ የለም» ብዬ አሥሩን ጨመርኩለት። ጂም ውስጥ ወሬ አያድርም። በሳምንቱ ሦስት ሰዎች «ለእሱ አድርገህ የለ?» እያሉ መጡ። ለሦስቱም ሰጠሁ፤ ለአንዱ ሰጥቼ ለሌላው መከልከል አልችልም። ከዚያ ወዲህ ቀኑ ካለፈ አለፈ። አንድ ነገር ብቻ እቀበላለሁ፦ ኔትወርክ እምቢ ብሎት ክፍያው ያላለፈለት ሰው፣ ቀኑ ሳያልፍ ደውሎ ወይም ጽፎ ከነገረኝ፣ በማግስቱ ቢከፍልም እንደ ሰዓቱ እቆጥርለታለሁ። ይህንንም በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ። መምህርቷ አንብበውት፣ «አሁን ገና ተስተካከለ» ብለው አለፉ።