ሰነዱ ከተመለሰ በኋላ

ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ገጽ ላይ ተቀምጫለሁ። የፊልም ስክሪፕቴ 96 ገጽ ነው። ስክሪፕቱን አይተው የሚወስኑት ሰዎች ግን በመጀመሪያ ታሪኩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ባጭሩ የሚናገር የአንድ ገጽ ሲኖፕሲስ ላኪ ብለውኛል። የመጀመሪያው ሙከራዬ ሦስት ገጽ ተኩል ወጣው። ቆረጥኩት፣ ሁለት ገጽ ሆነ። ደግሜ ቆረጥኩት፣ አንድ ገጽ ላይ አረፈ። ሳነበው ግን «ከዚያ እንዲህ ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ እንዲህ ሆነ» የሚል ነገር ብቻ ነው የቀረው።

ቴአትር የምታዘጋጅ ጓደኛ አለችኝ። ላኩላት፣ ማታ ደወለች።

«ምን ምን እንደተፈጠረ ነግረሽኛል። ሰዎቹ ምን ላይ እንደተጣሉ ግን አልገባኝም። መጨረሻውስ የት ሄደ?»

መጨረሻውን ሆን ብዬ ነበር የተውኩት። የመጨረሻው መስመሬ «ታዲያ ቤቱ ይሸጥ ይሆን?» ይላል። ልብ የሚያንጠለጥል መስሎኝ ነበር።

«ይሄ ፖስተር ላይ የሚጻፍ ነው» አለችኝ። «ሲኖፕሲስ የሚያነበው ሰው እኮ ትኬት ሊገዛ አይደለም። ታሪኩን የት እንዳደረስሽው ሊያይ ነው።»

ልክ ናት። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። የራስሽን ተይውና በደንብ የምታውቂውን ተውኔት በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፊ አለችኝ። የሄንሪክ ኢብሰንን «የአሻንጉሊት ቤት» መረጥኩ። እ.ኤ.አ. በ1879 መድረክ ላይ የወጣ፣ ሦስት ገቢር ያለው ተውኔት ነው።

እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ «ኖራ የታመመ ባሏን ለማሳከም በድብቅ ገንዘብ ትበደራለች፤ ለዋስትናውም የአባቷን ፊርማ አስመስላ ትፈርማለች። አበዳሪዋ ክሮግስታድ ባሏ ሄልመር በሚሾምበት ባንክ ውስጥ ይሠራል። ሄልመር ሊያባርረው ሲወስን ክሮግስታድ ምስጢሩን አወጣዋለሁ ብሎ ኖራን ያስፈራራታል።» እዚህ ድረስ ቀላል ነበር። ግጭቱ የኖራና የክሮግስታድ ነው ብዬ ጻፍኩ።

ችግሩ እልባቱ ላይ መጣ። ክሮግስታድ ደብዳቤውን ይልካል፣ ሄልመር ያነበዋል፣ በኖራ ላይ ይጮኻል። ወዲያው ሁለተኛ ደብዳቤ ይመጣል። ክሮግስታድ የብድር ሰነዱን መልሶ ልኮታል። ሄልመር ወረቀቱን ያቃጥላል፣ ይደሰታል፣ ይቅር ብዬሻለሁ ይላታል። እንግዲህ ግጭቱ የማስፈራራቱ ጉዳይ ከነበረ እዚህ ጋ አልቋል። ተውኔቱ ግን አላለቀም። ኖራ የጭፈራ ልብሷን ትቀይራለች፣ ባሏን ጠረጴዛው አጠገብ ታስቀምጠዋለች፣ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። ከዚያ ባሏንም ልጆቿንም ትታ ትወጣለች። በሩ ሲዘጋ ይሰማል።

ይሄን ሁሉ የት ላስገባው? በኔ ሲኖፕሲስ ውስጥ የመጨረሻው ትዕይንት በኋላ የተለጠፈ ጭራ መሰለ። ስህተቴን ያወቅኩት ያኔ ነው። እልባቱ ለግጭቱ መልስ ካልሆነ አንዱ በትክክል አልተጻፈም። እልባቱን ደግሞ ኢብሰን ጽፎታል፣ ልነካው አልችልም። ስለዚህ የተሳሳተው ግጭት ብዬ የጠራሁት ነገር ነው።

ከኋላ ጀመርኩ። የመጨረሻውን ትዕይንት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩት፦ «ኖራ እንደ አሻንጉሊት ከያዛት ባሏ ተለይታ ራሷን ልታውቅ ትወጣለች።» ከዚያ ይሄ የምን ጥያቄ መልስ ነው ብዬ ጠየቅኩ። የብድሩ ጥያቄ አይደለም። ኖራ ለባሏ ስትል ሁሉን አደጋ ላይ ጥላለች፤ እሱስ ለሷ እንደዚያ ያደርጋል ወይ የሚለው ነው ጥያቄው። በልቧ «ተአምር» ትጠብቅ ነበር። ነገሩ ሲወጣ ሄልመር ጥፋቱን በራሱ ላይ ይወስዳል ብላ ታስብ ነበር። እሱ ግን ለስሙ ብቻ ተጨነቀ። ግጭቱ የኖራና የሄልመር ነው። ክሮግስታድ ደግሞ ያንን ግጭት ወደ አደባባይ የሚገፋው ሰው ነው።

ይሄ ከተገኘ በኋላ ቆረጣው ራሱ መንገዱን ያዘ። የቤተሰቡን ወዳጅ ዶክተር ራንክን በጣም እወደዋለሁ፤ ከሲኖፕሲሱ ግን ወጣ። እሱ ባይጠቀስም ኖራ ለምን እንደወጣች ይገባል። የኖራ የድሮ ጓደኛ ወይዘሮ ሊንዴ ግን ሲኖፕሲሱ ውስጥ ቀረች። ክሮግስታድ ሰነዱን የሚመልሰው እሷ ስለለወጠችው ነው፤ እሷ ከሌለች ሁለተኛው ደብዳቤ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገሬ እንዲህ ሆነ፦ «ክሮግስታድ በወይዘሮ ሊንዴ ፍቅር ልቡ ተመልሶ ሰነዱን ቢልክም ሄልመር ኖራን አስቀድሞ አውግዟታል፤ አደጋው ሲያልፍ ይቅር ሲላት ግን እሷ ማን እንደሆነ አይታዋለች።» ቆየት ብዬ ሳነበው «ቢልክም» የምትለዋን ቃል ወደድኳት። ሁለት ክስተት ብቻ አላስቀመጠችም፤ አንደኛው ሌላውን እንዳልፈታው ነገረችኝ። በመጀመሪያው ረቂቄ እዚያ ቦታ ላይ የነበረው «ከዚያ» ነው።

ኢብሰን ራሱ ለጀርመን መድረክ ሌላ መጨረሻ ጽፎ ነበር። ዋናዋ ተዋናይ ልጆቿን ትታ የምትሄድ እናት ሆኜ አልጫወትም ስላለች ነው። በዚያኛው መጨረሻ ሄልመር ኖራን ወደ ልጆቹ ክፍል በር ይወስዳታል፣ እሷም እዚያው ትሸነፋለች። ኢብሰን በኋላ በጣም አዝኖበታል። ዛሬ የዚያኛውንም እልባት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሞከርኩት፦ «ኖራ ለልጆቿ ስትል ትቀራለች።» የላይኞቹን ዓረፍተ ነገሮች አልነካኋቸውም። ግን አልገጠሙም። ከላይ የጠየቅኩት ስለ ባልና ሚስት ነው፣ መልሱ የመጣው ስለ እናትነት ነው።

ማታ ወደራሴ ስክሪፕት ተመለስኩ። ወንድምና እህት በወላጆቻቸው ቤት ይጣላሉ፤ እሷ ይሸጥ ትላለች፣ እሱ አይሸጥም ይላል። ግጭቱ የቤቱ መሸጥ ነው ብዬ ነበር የጻፍኩት። የመጨረሻ ትዕይንቴን ከፈትኩ። ገጽ 94 ነው። ቤቱ የተሸጠው ገጽ 81 ላይ ነው። ስክሪፕቱ ሊያልቅ ገና አሥራ አምስት ገጽ ቀርቷል! በነዚያ ገጾች ውስጥ ወንድምየው ባዶው ክፍል ገብቶ የእናታቸው አልጋ የነበረበትን ቦታ ያያል፤ «ብቻሽን ነው ያስታመምሻት» ይላታል። እሷ መልስ አትሰጥም፣ ቁልፉን ትሰጠዋለች።

ስለዚህ አዲሱ ሲኖፕሲስ እንዲህ ይጀምራል፦ «እናቷን ለአራት ዓመት ብቻዋን ያስታመመች ሴት፣ ከቀብሩ በኋላ የመጣው ወንድሟ የቤቱ እኩል ባለቤት ነኝ ሲላት ቤቱ እንዲሸጥ ትወስናለች።» መጨረሻው ደግሞ፦ «ቤቱ ቢሸጥም ጠባቸው አይበርድም፤ ወንድምየው የሷን ድካም በአፉ ሲናገር ግን ቁልፉን በእጁ ታስቀምጥለታለች።» መሀል ላይ ደላላው፣ ጎረቤቷና የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ነበሩ። ቀጠሮው ብቻ ቀረ፤ ወንድምየው እህቱ ያደረገችውን መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነው። ጎረቤቷን ማውጣት ከበደኝ። ስክሪፕቱ ውስጥ ግን እንዳለች ናት፣ እንደ ዶክተር ራንክ።

አሁን ሦስት ሩብ ገጽ ነው። ነገ ጠዋት ለጓደኛዬ እልክላታለሁ።