ብሔራዊ ባንክ ዶላር ሲሸጥ ቱቦ በስንት ይሸጣል?

የካቲት 2017 ላይ አንድ ኮንትራክተር ወደ ፋብሪካችን መጣ። የምሠራው ገላን ነው፣ ከቃሊቲ አለፍ ብሎ፤ የፕላስቲክ ቱቦ እናመርታለን። እኔ ሒሳብ ክፍል ሆኜ ዋጋ እተምናለሁ። ሰውየው ለውሃ ፕሮጀክት ብዙ ቱቦ ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ ነው ያስቸገረው። ዋጋው ለ90 ቀን እንደማይነካ በጽሑፍ ስጡኝ አለ።

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ቱቦው የሚሠራበት የፒቪሲ ዱቄት በዶላር ነው የሚመጣው። ባንካችን ለውጭው ሻጭ እንዲከፍል ቃል የሚገባበትን ሰነድ፣ ኤልሲውን፣ ዛሬ ብንከፍትም፣ የመጨረሻው ሒሳብ የሚወራረደው የጭነቱ ሰነድ ባንክ በደረሰ ቀን ባለው ምንዛሪ ነው። በመሃል ወራት አሉ። ለዚያ ትዕዛዝ የሚያስፈልገን ጥሬ ዕቃ 180,000 ዶላር ገደማ ነበር። ዶላር በእነዚያ ወራት 5 ብር ቢጨምር 900,000 ብር ተጨማሪ እንከፍላለን። ከኮንትራክተሩ ግን አንድ ብር መጨመር አንችልም፤ ፈርመናላ።

በዚያው ሰሞን ብሔራዊ ባንክ 60 ሚሊዮን ዶላር ለባንኮች በጨረታ ሊሸጥ ነው ተባለ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ሁላችንም ምንዛሪ ሳናይ ምሳ አንበላም ነበር። የሽያጭ ኃላፊዋ ዜናውን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። «እንፈርም!» አለች። «መንግሥት ዶላር ሊለቅ ነው። ብር ይጠነክራል እንጂ አይወድቅም። ዛሬ ባለው ምንዛሪ ሠርተን ብንሰጠው እንዲያውም እናተርፋለን።»

አባባሏ ስሜት ይሰጣል። ዕቃ ገበያ ላይ ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል፤ ዶላርም ዕቃ ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን ከመፈረሙ በፊት ጋሼን ጠራ። ጋሼ የፋይናንስ አማካሪያችን ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ክፍል ሠርተዋል። እኔም የዋጋ ሠንጠረዡን ይዤ ተከተልኳቸው።

ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ብር አልነበረም። «ልጄ፣ አገሪቱ በዓመት ስንት ዶላር ዕቃ ታስገባለች?» አሏት።

ዝም አለች። እኔ ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ አውቅ ነበር።

«አካፍለው ለ365» አሉኝ። በቀን 47 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይመጣል። «እንግዲህ 60 ሚሊዮኑ የአንድ ቀን ከሩብ ፍጆታ ነው። ወረፋ ይዞ የሚጠብቀውን አስመጪ ሳንቆጥር ማለት ነው።»

ከዚያ ሽያጩ እንዴት እንደሚሠራ አስረዱን። ይህን ክፍል ሰው ብዙ ጊዜ ይዘለዋል፤ እኔም ከዚያ በፊት በዚህ መልኩ ሲነገር አልሰማሁም። ብሔራዊ ባንክ ዶላር ሲሸጥ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። ዶላር ወደ ባንኮች ይሄዳል። በልዋጩ ደግሞ ባንኮች ብሔራዊ ባንክ ካላቸው ሒሳብ ላይ ብር ይቀነሳል። ያ ብር ወደ ሌላ ሰው አይዛወርም፣ ከገበያው ይወጣል። ዶላሩ ለአስመጪው ይደርሳል፤ የብሩ ማነስ ደግሞ ባንኮች እንደልብ ብድር እንዳይለቁ ይይዛቸዋል። ብር ሲያጥር ዶላር የሚያሳድደው ገንዘብም ያጥራል። ሽያጩ የብርን መውደቅ የሚያዘገየው በእነዚህ በሁለቱ በኩል ነው።

«ግን» አሉ ጋሼ፣ «በግራ እጅ የወሰደውን ብር በቀኝ እጁ መልሶ ካስገባ ሁለተኛው ጥቅም የለም።»

እዚህ ላይ ወርቅ መጣ። ብሔራዊ ባንክ ከባህላዊ አምራቾች ወርቅ ይገዛል፤ የሚከፍለው በብር ነው። ወርቁ ውጭ ሲሸጥ ዶላር ሆኖ የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ መጠባበቂያ ውስጥ ይገባል። በ2017 በጀት ዓመት ከወርቅ የተገኘው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። መጠባበቂያው ወፈረ ማለት ነው፤ ጥሩ ነው። በዚያው ልክ ግን ብዙ አዲስ ብር ገበያ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ የዶላር ጨረታው አንዱ ሥራ ለወርቁ የወጣውን ብር መልሶ መሰብሰብ ነው። እንዲህ ካየነው ጨረታው ብርን ወደ ላይ የሚያነሳ አይሆንም። ባለበት ለመያዝ ይረዳል።

የሽያጭ ኃላፊዋ በቀላሉ የምትረታ ሰው አይደለችም። «ጋሼ፣ እሺ 60 ትንሽ ነው። ታዲያ አብዝቶ ለምን አይሸጥም? ቢሊዮን ቢሸጥስ?»

ጋሼ ታይላንድን አነሱ። እኔ እንደሚመስለኝ ስለ መጠባበቂያ ማውራት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ማወቅ አለበት። የታይላንድ ገንዘብ ባት ለዓመታት በዶላር 25 ገደማ ላይ ታስሮ ኖሯል። በ1997 (በፈረንጆቹ) ነጋዴው ይህ ዋጋ አይዘልቅም ብሎ ባቱን እየሸጠ ዶላር መግዛት ጀመረ። ማዕከላዊ ባንኩ ሊከላከል ዶላር ሸጠ፤ ብዙ ሸጠ። አብዛኛውን ግን በዕለቱ አላስረከበም። ከወራት በኋላ አስረክባለሁ ብሎ በውል ነው የሸጠው። በመጽሐፍ ላይ መጠባበቂያው ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ መስሎ ይታይ ነበር። በውል የተሸጠውና ገና ያልተረከበው ግን ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር በኋላ ተገለጠ። የቀረው እጅግ ጥቂት ነበር። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁላይ 2 ቀን 1997 ባቱን ለቀቁት። በጃንዋሪ 1998 አንድ ዶላር ወደ 56 ባት ደረሰ።

«ማዕከላዊ ባንክ ዶላሩን ሲሸጥ የሚገዛው ጊዜ ነው» አሉ ጋሼ። «በዚያ ጊዜ ውስጥ የመውደቁ ምክንያት ካልተስተካከለ፣ ዶላሩም ያልቃል ዋጋውም ይወድቃል። ነጋዴው እያለቀ መሆኑን ካወቀ ደግሞ ሳያልቅ ልግዛ ብሎ ይሮጣል። ያኔ ሽያጩ ራሱ ሩጫውን ያባብሰዋል።»

ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ የእኛም አገር መጠባበቂያ ከአንድ ወር ገቢ ንግድ በታች ነበር። ብዙ ጊዜ እንደ ዝቅተኛ መጠን የሚጠቀሰው የሦስት ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ብድርና ከወርቅ እየተሞላ መጥቷል። እንዲህ ያለውን መጠባበቂያ በአንድ ጊዜ አውጥቶ መሸጥ ማንም አስተዋይ ባንክ አያደርገውም። ትንሽ ትንሽ፣ ቀኑ በሚታወቅ መንገድ መሸጥ ይሻላል። ቀኑ ሲታወቅ አስመጪው አይደናገጥም። ላኪውም ዶላሩን ይዞ ነገ ይጨምራል እያለ አይጠብቅም።

ሥራ አስኪያጁ ሁሉን ሰምቶ አንድ ነገር ጠየቀ፤ የሥራ ሰው ጥያቄ ነው። «ስለዚህ በስንት ነው የምንሠራው?»

ጋሼ ቁጥር አልሰጡም። «የጨረታው አማካይ ዋጋ እስኪወጣ አትፈርሙ» አሉ። ምክንያታቸውን በደንብ አስታውሳለሁ። ያን ሰሞን ባንኮች የለጠፉት ዋጋ በአብዛኛው ከ130 ብር በታች ነበር። በተለጠፈው ዋጋ ሄደህ ዶላር ስጠኝ ብትል ግን ወረፋ ጠብቅ ትባላለህ። የተለጠፈ ዋጋ እና ዕቃው በእርግጥ የሚገኝበት ዋጋ ሲለያዩ፣ ጨረታ ሁለተኛውን ነው የሚያወጣው። ባንኩ ዶላሩን ለማግኘት የእውነት የሚከፍለውን ጽፎ ያስገባል።

ጨረታው የካቲት 18 ተካሄደ። 27 ባንኮች አገኙ። አማካይ ዋጋው 135.6 ብር ሆነ። ማለት ከተለጠፈው በላይ። ወዲያው ባንኮች የሰሌዳ ዋጋቸውን ከፍ ማድረግ ጀመሩ። ዶላር ተሸጦ የዶላር ዋጋ በባንክ ጨመረ! ቢሮ ውስጥ ብዙ ሰው ግራ ገባው። እኔ ግን ያን ቀን ነገሩ ፍንትው ብሎ ታየኝ። ሽያጩ ዶላሩን አላስወደደውም። ቀድሞ ተወዶ የነበረውን ዋጋ ነው ወደ ሰሌዳው ያመጣው። ከ8 ቢሊዮን በላይ ብርም በዚያ አንድ ቀን ከባንኮች ሒሳብ ወጥቷል፤ 60 ሚሊዮንን በ135.6 ማባዛት ነው። ይህ በሰሌዳ ላይ አይታይም፣ ባንኮች ውስጥ ግን ይሰማል።

ውላችንን በሌላ መልክ ጻፍነው። ሠራተኛው፣ መብራቱና ትርፉ በብር ለ90 ቀን ታሰሩ። የጥሬ ዕቃው ድርሻ ግን ሰነዱ ባንክ በደረሰ ቀን ባለው ምንዛሪ እንዲሰላ ተስማማን። ልዩነቱ ከ2 በመቶ በታች ከሆነ እኛ እንሸከመዋለን፤ ከዚያ በላይ ያለውን ኮንትራክተሩ ይከፍላል፣ ከወረደም ለእሱ ይቀነሳል። ኮንትራክተሩ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር። የሽያጭ ኃላፊዋ ናት ያሳመነችው። «ምንዛሪውን በግምት አስገብተን ዋጋ ብንከምርብህ አንተው ትጎዳለህ» አለችው። እውነቷን ነው። ዋጋ እንዳይነካ የሚጠይቅ ደንበኛ ለሻጩ ፍርሃት ነው የሚከፍለው፤ ፍርሃት ደግሞ ከምንዛሪ ልዩነት በላይ ያስወጣል።

በሚያዝያ ብሔራዊ ባንክ በየሁለት ሳምንቱ 50 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያቀርብ ታወቀና ጨረታው የተለመደ ነገር ሆነ። የዋጋ ሠንጠረዤ ላይም ሁለት ዓምድ ጨምሬያለሁ። አንዱ የጨረታው አማካይ ዋጋ ከባንኮች ሰሌዳ በስንት ብር እንደሚበልጥ ይይዛል። ልዩነቱ ሲጠብ ሰሌዳው እውነቱን እየተናገረ ነው እላለሁ፤ ሲሰፋ ለቀጣዩ ወር ዋጋ ጥንቃቄ እጨምራለሁ። ሁለተኛው ስንት ባንኮች ዶላር እንዳገኙ ነው። ከጨረታ ጨረታ የሚያገኙት ባንኮች እየቀነሱ ዋጋው ካልጨመረ፣ የሚጓጓው ቀንሷል ብዬ እገምታለሁ። ባንኮቹ ሳይቀንሱ ዋጋውም እየወጣ ከሄደ ግን ፈላጊው ከሚቀርበው ዶላር በላይ ነው፤ ያኔ ለጥሬ ዕቃ የምንከፍተውን ኤልሲ ወደፊት አንገፋም።