በፋየርፎክስ ይከፈታል፣ በክሮም ነጭ ገጽ፦ የስድስተኛ ሳምንት ማስታወሻዬ

ሰላም ለሁላችሁ። የኮምፒውተር ችግር መፍታት መማር ከጀመርኩ ስድስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። እስከ ዛሬ አንድ ድረ ገጽ አልከፈት ሲለኝ ወደ ሌላ ብሮውዘር እሄድ ነበር። እዚያ ከሠራ ሥራዬን ጨርሼ እረሳዋለሁ። በዚህ ሳምንት ግን ችግሩን እስከ ሥሩ ልከተለው ብዬ ቁጭ አልኩ። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። የሄድኩበትን መንገድ፣ የተሳሳትኩበትንም ጭምር፣ እንደሆነው አስቀምጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየቀኑ የምከታተልበት የኮርስ ገጽ አለ። ሰኞ ማታ በክሮም ስከፍተው ባዶ ነጭ ገጽ መጣ። የስህተት መልእክት የለም። ታቡ ላይ የገጹ ስም በትክክል ተጽፏል፣ ውስጡ ግን ምንም የለም። ያንኑ አድራሻ በፋየርፎክስ ሞከርኩት፤ ወዲያው ተከፈተ። አካውንቴም በደንብ ገባ። ስለዚህ ኢንተርኔቱም፣ ሰርቨሩም፣ አካውንቴም ደህና ናቸው ማለት ነው። ምናልባት ገጹ ከክሮም ጋር አይስማማ ይሆናል ብዬ አንድ የኮርስ ጓደኛዬን ጠየቅኩ። የሱ ክሮም ከኔው ጋር አንድ ዓይነት ቨርዥን ነው፤ እሱ ጋ ይሠራል። ጥፋቱ እኔ ክሮም ውስጥ ባለ ነገር ላይ እንደሆነ በዚህ ተረዳሁ።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ካሽ አጸዳሁ። በማጽጃው መስኮት `Cached images and files` የሚለውን ብቻ መረጥኩ። ኩኪዎቹን አልነካሁም፣ ምክንያቱም ከሁሉም ድረ ገጽ መውጣት አልፈለግኩም። ገጹ ግን ያው ነጭ ነው።

ቀጥዬ የኢንኮግኒቶ መስኮት ከፈትኩ። ገጹ ሠራ! እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። «ኢንኮግኒቶ ኤክስቴንሽኖችን ያጠፋል፣ ስለዚህ ጥፋቱ የኤክስቴንሽን ነው» ብዬ ደመደምኩ። ዘጠኝ ኤክስቴንሽን አሉኝ። `chrome://extensions` ላይ ገብቼ አንዱን አጠፋለሁ፣ ገጹን አድሳለሁ፣ መልሼ አበራለሁ፣ ወደ ሚቀጥለው እሄዳለሁ። ዘጠኙንም ጨረስኩ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አጠፋኋቸው። ነጩ ገጽ እንዳለ ነው። ሰኞ በዚህ አለቀ።

ማክሰኞ ረጋ ብዬ ሳስበው ገባኝ። ኢንኮግኒቶ የሚቀይረው አንድ ነገር አይደለም፣ ሁለት ነው። እኛ ካልፈቀድንላቸው በቀር ኤክስቴንሽኖች እዚያ አይሠሩም፤ ይሄ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ድረ ገጾች ኮምፒውተራችን ላይ ያስቀመጡት ነገር ሁሉ፣ ኩኪም ሆነ ሌላ የተከማቸ ዳታ፣ እዚያ የለም። መስኮቱ ከባዶ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ገጹ በኢንኮግኒቶ ከሠራ፣ ጥፋቱ ከሁለቱ አንዱ ጋ እንዳለ ይነግረናል። የትኛው እንደሆነ ግን አይነግረንም።

ሁለቱን ለመለየት አንዱን ብቻ መቀየር ያስፈልጋል። በተለመደው መስኮት ኤክስቴንሽኖቹን በሙሉ በአንዴ አጥፍቶ ገጹን ማደስ ነው። ኩኪውና ዳታው ቦታቸው ናቸው፣ የጠፉት ኤክስቴንሽኖች ብቻ ናቸው። ከሠራ ጥፋተኛው ከነሱ መካከል ነው፤ ያኔ ግማሾቹን ማብራት፣ ከዚያ የግማሹን ግማሽ እያሉ መሄድ ነው። ዘጠኝ ቢሆኑ በአራት ሙከራ ቢበዛ ይገኛል። ካልሠራ ደግሞ ፊታችንን ወደ ተከማቸው ዳታ እናዞራለን። እኔ ሰኞ ማታ ይህን መጀመሪያ አድርጌው ቢሆን ኖሮ በሁለት ደቂቃ ኤክስቴንሽኖቹን ከጥርጣሬ አወጣቸው ነበር። በፋየርፎክስ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ሁነታ አለ። `Help` ውስጥ `Troubleshoot Mode` ይባላል። ኤክስቴንሽኖችን ለጊዜው ያጠፋል፣ ኩኪና የተቀመጠ ዳታ ግን አይነካም። በጣም ወድጄዋለሁ።

እንግዲህ የኔ ጉዳይ የተከማቸ ዳታ ሆነ። ግን ካሽ አጽድቻለሁ እኮ! የቀረው ምንድን ነው?

F12 ተጭኜ `Console` የሚለውን አየሁ። አንዲት ቀይ መስመር ነበረች፦

```
Uncaught SyntaxError: Unexpected token '<'
```

የጃቫስክሪፕት ፋይል በ `<` አይጀምርም። በ `<` የሚጀምረው ኤችቲኤምኤል ነው። ማለትም ብሮውዘሩ የፕሮግራም ፋይል ጠይቆ ድረ ገጽ ተሰጥቶታል። `Network` ላይ ገብቼ ገጹን አደስኩት። ሁሉም መስመር 200 ይላል፣ አንድም ቀይ የለም። ላይ ላዩን ያየ ሰው «ሁሉም ነገር ደህና ነው» ይላል። ግን `Size` የሚለውን ዓምድ ስመለከት፣ የመጀመሪያው መስመር፣ ዋናው ገጽ፣ ከሰርቨር አልመጣም። `(ServiceWorker)` ይላል። ሁለተኛው መስመር የፕሮግራሙ ፋይል ነው። እሱን ተጭኜ `Response` ውስጥ ሳይ፣ እውነትም ያለው ኤችቲኤምኤል ነው።

ሰርቪስ ወርከር ማለት ድረ ገጹ ብሮውዘራችን ውስጥ የሚተክለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። በገጹና በሰርቨሩ መካከል ይቆማል። ገጹ የሚጠይቀው ነገር ሁሉ መጀመሪያ እሱ ጋ ይደርሳል። ቀድሞ ያስቀመጠው ካለ ሰርቨሩን ሳይጠይቅ ከራሱ ይሰጣል። ገጾች ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ የሚደረገው በዚህ ነው። የሚያስቀምጠው ግን ከተለመደው ካሽ ጋር አይደለም። ስለዚህ `Cached images and files` ማጽዳት አይነካውም። በክሮም እሱን የሚያጸዳው ኩኪን ጨምሮ የድረ ገጾችን ዳታ የሚያጠፋው ምርጫ ነው፤ እኔ ሳልመርጥ የተውኩት ማለት ነው።

አሁን ታሪኩ ተገጣጠመ። ወርከሩ የድሮውን ዋና ገጽ ይዟል። የድሮው ገጽ የድሮውን የፕሮግራም ፋይል በስሙ ይጠራል። ድረ ገጹ ስለታደሰ ያ ፋይል ሰርቨሩ ላይ የለም። ሰርቨሩ ደግሞ የማያውቀው ስም ሲመጣበት «የለም» ከማለት ይልቅ ዋናውን ገጽ እንዲመልስ ተደርጎ ተሠርቷል። ለዚህ ነው 200 የሚለው፣ ለዚህም ነው `<` የመጣው። ፋየርፎክስ ላይ ገጹን ከፍቼው ስለማላውቅ ወርከርም፣ የድሮ ገጽም አልነበረም። የጓደኛዬ ክሮም ደግሞ አዲሱን ወርከር ተቀብሏል።

እርግጠኛ ለመሆን አንድ ነገር ሞከርኩ። Ctrl+Shift+R ስጫን ገጹ ተከፈተ። እንደገና F5 ብቻ ስጫን ነጭ ሆነ። ደጋገምኩት፣ ያው ነው። Ctrl+Shift+R ካሹንም ወርከሩንም ዘልሎ በቀጥታ ሰርቨሩን ይጠይቃል፣ ግን ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ምልክት ያዙልኝ። «በዚህ ቁልፍ ይሠራል፣ በሚቀጥለው ማደስ ተመልሶ ይበላሻል» ካላችሁ ሰርቪስ ወርከርን ጠርጥሩ።

የቀረኝ ጥያቄ፣ አዲሱ ወርከር የኔን ለምን አልተካም የሚለው ነው። `Application` ውስጥ `Service Workers` የሚለውን ስከፍት መልሱ እዚያው ተጽፏል። ሁለት ወርከሮች አሉ። አንዱ `activated and is running` ይላል። ሌላኛው `waiting to activate` ይላል። አዲሱ ወርዷል፣ ግን ተራ እየጠበቀ ነው! ደንቡ እንዲህ ነው፦ በድሮው ወርከር ሥር ያለ አንድ ታብ እንኳ ክፍት ከሆነ አዲሱ በራሱ ሥራ አይጀምርም። ማደስም አይበቃም። ታቦቹ በሙሉ መዘጋት አለባቸው።

ግራ በኩል ዳር ላይ ፒን ያደረግኩት ታብ ነበረኝ፣ የዚሁ ኮርስ። ከሳምንታት በፊት የተከፈተ ነው። ላፕቶፔን ክዳኑን እገጥማለሁ እንጂ ክሮምን ዘግቼ አላውቅም። እሱ ታብ ከመታደሱ በፊት ስለተከፈተ ነጭ አልሆነም፤ የድሮ ይዘቱን እያሳየ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ አዲስ ታብ ነበር የምከፍተው።

እዚህ ጋ `Clear site data` የሚል ቁልፍ አለ፣ እጄም ሊጫነው ሄዶ ነበር። ቆም አልኩ። ኮርሱ የምጽፋቸውን ማስታወሻዎች ብሮውዘሩ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። `Local storage` ውስጥ ገብቼ ሳይ የስድስት ሳምንት ማስታወሻዬ እዚያ አለ። ቁልፉን ብጫን አብሮ ይጠፋ ነበር። እባካችሁ ከማጽዳታችሁ በፊት ይህን ተመልከቱ፤ ያልተላከ ጽሑፍ ወይም ረቂቅ ካለ መጀመሪያ ገልብጣችሁ አስቀምጡ።

ስለዚህ ምንም አላጠፋሁም። ፒን ያለውን ጨምሮ የገጹን ታቦች በሙሉ ዘጋሁ። እንደገና ከፈትኩ። ሠራ። F5 ስጫንም ሠራ። የሚጠብቀው ወርከር ተራውን ይዟል፣ የድሮው የለም። ማስታወሻዎቼም አሉ።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ ተቃራኒው ገጠመኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ገጽ በክሮሟ አልከፈት አላት፤ በሌላ ብሮውዘር ግን ይከፈታል። በኢንኮግኒቶ ሞከርነው፤ እዚያም እምቢ አለ። ኤክስቴንሽኑም የተከማቸው ዳታም በሌሉበት እምቢ ካለ፣ የብሮውዘሩን ሴቲንግ ማየት ነው፤ ሴቲንጉ ኢንኮግኒቶ ውስጥም ያው ነውና። የስህተቱ ስም `DNS_PROBE_FINISHED_NXDOMAIN` ነበር፤ ማለትም የአድራሻውን ስም የሚያውቅ አልተገኘም። `Privacy and security` ውስጥ `Use secure DNS` ላይ የውጭ አገልግሎት መርጣ ነበር። ክሮም ስሞችን የሚጠይቀው እዚያ ነው፤ የውጭው አገልግሎት ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ ስም አያውቅም። ሌላው ብሮውዘር የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ስለሚከተል የቢሮውን ሰርቨር ይጠይቃል። ምርጫውን ወደ ነበረበት፣ ወደ ኮምፒውተሩ ነባሪ መለስነው። ገጹ ተከፈተ፣ እሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።