ምዕራፎቹ የት ገቡ?

ስለ አብሲት የሠራነው ቪዲዮ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ወጣ። ርዕሱን «የእንጀራ አሠራር» ከማለት «እንጀራዬ ለምን ዓይን አያወጣም?» ብዬዋለሁ፤ ሰው የሚፈልገው እንደዚያ ብሎ ነዋ።

ምዕራፎቹ ግን የሉም! እያንዳንዱ ክፍል የሚጀምርበትን ሰዓት መግለጫው ላይ ጽፌያለሁ፣ ቪዲዮው ግን አልተከፋፈለም። ስንት ሰዓት ተጨነቅኩ መሰላችሁ። ለካ ሰላምታውን ዘልዬ ከ0:15 ጀምሬ ነው። የመጀመሪያው የግድ 0:00 መሆን አለበት። ምዕራፎቹም ቢያንስ 3፣ እያንዳንዱም ቢያንስ 10 ሰከንድ።

አስተካከልኩ። ሌላ ጉድ! «አብሲት አጣጣል» የሚለውን ስጫን አብሲቱ ድሮ ተጥሎ ሊጡ ውስጥ ገብቷል። ሰዓቱን የገመትኩት ከስክሪፕቱ ነበር፤ ኤዲተራችን ደግሞ ከዚያ በፊት ካለው 40 ሰከንድ ቆርጧል (ጥሩ አድርጓል፣ ወሬ በዝቶ ነበር)። ያለቀውን ቪዲዮ ከፍቼ ሁሉንም እንደ አዲስ ጻፍኩ።