ሰባት ቡሎን ያለው ፍላንጅ

ለአንድ የፓምፕ ጥገና መመሪያ ሥዕሎችን በማዘጋጅበት ወቅት የደረሰብኝ ነው። ወደ አርባ የሚጠጉ ፎቶግራፎች ከአንድ አሮጌ የብዕር ሥዕል ጋር ተሰጡኝ፤ ሥራው ፎቶግራፎቹን ሁሉ በዚያ ሥዕል አሣሣል፣ ማለትም ጥላው በቀጫጭን ተደራራቢ ሰረዞች በሚገለጽበት መንገድ፣ ለውጦ ማቅረብ ነበር። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ፎቶን መነሻ አድርጎ አዲስ ምስል የሚያወጣ የዲፊዩዥን ሞዴል መረጥሁ። የምፈልገውን የአሣሣል ዓይነት በጽሑፍ ገልጬ፣ ፎቶው ምን ያህል እንዲለወጥ የሚወስነውን `strength` የሚባል መጠን 0.6 ላይ አድርጌ ሳስነሣው በሰከንዶች ውስጥ የወጣው ሥዕል እጅግ ያማረ ነበር። ለጓደኞቼም ኮርቼ አሳየኋቸው።

ሥዕሎቹን የሚያጸድቁት መሐንዲስ ግን ከሁለት ቀን በኋላ አስጠሩኝና በአንዱ ሥዕል ላይ፣ ቧንቧና ፓምፕ በቡሎን በሚገጣጠሙበት ክብ ከንፈር፣ ማለትም በፍላንጁ ላይ፣ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «እስኪ የዚህን ፍላንጅ ቡሎኖች ቁጠራቸው» አሉኝ። ሰባት ነበሩ። ፎቶግራፉ ላይ ስምንት ናቸው። «ስምንተኛውን አንተ ነህ የፈታኸው?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ፤ ሰባቱም ቡሎኖች እኩል ተራርቀው፣ ጥላቸው ሳይቀር በትክክል ተሥሎላቸው ስለነበር ጉድለቱ ካልተቆጠረ በቀር በዓይን የሚለይ አልነበረም።

የስሕተቱ ምንጭ በሞዴሉ አሠራር ውስጥ ያለ ነው። ዲፊዩዥን ፎቶውን በቀጥታ አይቀባውም፤ በመጀመሪያ ኖይዝ፣ ማለትም በዘፈቀደ የተበተነ የነጥብ ብናኝ፣ ይጨምርበታል፣ ከዚያም ኖይዙን ደረጃ በደረጃ እያራገፈ አዲስ ምስል ይሠራል። ጠቅላላው እርምጃ 50 ከሆነና `strength` 0.6 ከተባለ፣ ፎቶው ለ30 እርምጃ የሚበቃ ኖይዝ ይጫንበትና የመጨረሻዎቹ 30 እርምጃዎች ብቻ ይከናወናሉ። እንደ ፓምፑ አካል ያለ ትልቅ ቅርጽ ከዚያ ኖይዝ ሥር ይተርፋል፤ ትንንሹ ቡሎን ግን ይሰወራል። ሞዴሉም የተሰወረውን የሚሞላው በስልጠና ጊዜ ካያቸው እጅግ ብዙ ምስሎች በቀሰመው ግምት ነው። ለግምቱ ደግሞ ሰባት ቡሎን ያለው ፍላንጅ ስምንት ካለው የሚለይ ነገር የለውም። ዋናው ቁም ነገር ኖይዙ አንዴ ከተጨመረ በኋላ በሠላሳውም እርምጃ ውጤቱን ከፎቶው ጋር የሚያስተያይ አንዳች ስሌት አለመኖሩ ነው። መጠኑን ወደ 0.3 ዝቅ ሳደርገው ቡሎኖቹ ተመለሱ፤ ነገር ግን ሥዕሉ ፎቶ ሆኖ ቀረ፣ የብዕሩ ሰረዝም ጠፋ።

ስለዚህ ወደ ቀድሞው ስልት፣ ጌቲስ፣ ኤከርና ቤትጌ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዳቀረቡት ኒውራል ስታይል ትራንስፈር ተመለስሁ። በዚህ ስልት የሚሠለጥን ሞዴል የለም፤ ምስሎችን ለመለየት አስቀድሞ የሠለጠነው ቪጂጂ-19 የተባለው ኔትወርክ ሳይነካ እንደ መለኪያ ያገለግላል፣ የሚለወጡት የውጤቱ ፒክስሎች ራሳቸው ናቸው። መለኪያውም ሎስ የሚባል የልዩነት ቅጣት ነው፤ ሁለት ዓይነት አለው። ኮንተንት ሎስ ኔትወርኩ ለውጤቱና ለፎቶው የሚሰጠውን ምላሽ በአንድ ሌየር፣ ማለትም በአንድ የስሌት ደረጃው ላይ፣ ለምሳሌ በ`conv4_2`፣ ቦታ ለቦታ ያነጻጽራል፤ ጠርዝ በነበረበት ቦታ ጠርዝ ከጠፋ ቅጣቱ ይጨምራል። ስታይል ሎስ ደግሞ ሆነ ብሎ ቦታን ይረሳል። በአንድ ሌየር ያሉ ሁለት ቻናሎች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ምልክት የሚፈልጉ ማጣሪያዎች፣ በሦስት ቦታዎች ላይ የሰጡት ምላሽ አንዱ 2፣ 0፣ 1፣ ሌላው 3፣ 1፣ 0 ቢሆን፣ በየቦታው አባዝተን ስንደምር 6 እናገኛለን። ሦስቱን ቦታዎች እንዳሻን ብናቀያይራቸው ድምሩ ያው 6 ነው። ለቻናል ጥንዶች ሁሉ የተሰላው የእንዲህ ያለ ድምር ሠንጠረዥ ግራም ማትሪክስ ይባላል፤ «የተጋደመ ሰረዝ ከነጭ ወረቀት ጋር አብሮ ይገኛል» የሚለውን ይይዛል እንጂ የት እንደሚገኝ አይናገርም። ስታይል ሎስ የውጤቱን ግራም ማትሪክስ ከብዕሩ ሥዕል ግራም ማትሪክስ ጋር በበርካታ ሌየሮች ያስተያያል፤ ሁለቱ ሎሶችም በየክብደታቸው ተባዝተው ይደመራሉ።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ጥፋት መጣ፤ ይህኛው የሞዴል ሳይሆን የራሴ ነበር። ኮዱን እኔው ጻፍሁት፣ የስታይሉን ክብደት ግን ከሌላ ሰው ኮድ ወስጄ 1,000,000 አደረግሁት። ጠቅላላው ሎስ ሳያቋርጥ ሲወርድ እያየሁ ደስ ብሎኝ ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ፓምፕ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ስክሪኑን የሞላው እንደ አሸዋ የደቀቀ ጭረት ብቻ ነበር።

ጥፋቱን ያገኘሁት ሁለቱን ሎሶች ለየብቻ ባሳተምሁ ጊዜ ነው። ሥራው የሚጀምረው ከፎቶው ከራሱ ስለነበር ኮንተንት ሎስ በመነሻው ዜሮ ነው፤ በጤናማ ሂደት ጥቂት ከፍ ብሎ ይረጋል፣ ስታይል ሎስ ደግሞ ይወርዳል። በእኔ ሂደት ግን ኮንተንት ሎስ ወደ ላይ ተወርውሮ እዚያው ቀርቷል፤ ስታይል ሎስ እጅግ ግዙፍ ስለነበር ድምሩ ላይ ሲታይ ምልክቱ አልታወቀም። ምክንያቱ የግራም ማትሪክሱ የመጨረሻ መስመር ነበር፤ ክብደቱን የወሰድሁበት ኮድ ድምሩን በሌየሩ መጠን የሚያካፍልበትን ቦታ እኔ ዘልዬዋለሁ። የታረመው ይህ ነው፦

```python
def gram(x):
    b, c, h, w = x.shape
    f = x.view(b, c, h * w)
    return f @ f.transpose(1, 2) / (c * h * w)
```

ማካፈሉ ሲቀር የሚበላሸው የሁለቱ ሎሶች ሚዛን ብቻ አይደለም። ምስሉ 512 በ512 ሲሆን `conv1_1` ላይ አካፋዩ 64 × 512 × 512፣ ማለትም 16,777,216 ነው፤ `conv5_1` ላይ ግን 512 × 32 × 32፣ ማለትም 524,288 ነው። ልዩነቱ 32 እጥፍ ነው፤ ሎሱ የልዩነት ካሬ ስለሆነ ደግሞ 1,024 እጥፍ ይሆናል። ደቃቅ ነገርን ብቻ የሚያየው የመጀመሪያው ሌየር ትልልቁን ሰረዝ የሚያውቁትን ሌየሮች የዋጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ አሸዋውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ኮዱ ከታረመ በኋላ ስምንቱም ቡሎኖች በየቦታቸው ተገኙ፤ ሆኖም ጠርዛቸው እንደ ቀለጠ ሰም ተጣምሞ ነበር። `conv4_2` ላይ ሲደረስ ምስሉ ወደ 64 በ64 ስለሚወርድ፣ ስምንት ፒክስል የሚያህል ቡሎን አንዲት ነጥብ ይሆናል፤ መኖሩ ይጠበቃል፣ ቅርጹ ግን በደንብ አይጠበቅም። ኮንተንት ሎስን 128 በ128 ስፋት ወዳለው `conv3_2` ዝቅ ሳደርገው ጠርዙ ቀና፤ ሰረዙም በመጠኑ ሳሳ፣ ይህን ግን መሐንዲሱ በደስታ ተቀበሉት።

ይህ ስልት የሚያየውን ነገር አያውቅም። የብዕሩ ሥዕል ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ሰረዝ ቢያሰፍርም፣ ግራም ማትሪክሱ ቦታን ስለማይዝ ከፓምፑ ጀርባ ያለው ባዶ ግድግዳ ሳይቀር ተጫጭሮ ወጣ፤ ዲፊዩዥኑ ግን ያንን ግድግዳ ራሱ አውቆ ንጹሕ ትቶት ነበር። በየፎቶው የግድግዳውን ክልል በእጅ ከልዬ ነጭ ማድረግ ግድ ሆነብኝ፤ አንዱን ሥዕል ለማውጣትም ሰከንዶች ሳይሆኑ ደቂቃዎች ያስፈልጉ ነበር። የሽፋኑ ሥዕል፣ ፓምፑ ከሩቅ የሚታይበትና ማንም ቡሎን የማይቆጥርበት፣ በዲፊዩዥን እንደተሠራ ቀረ።