11 ፎቶዎች እና አንድ «ነበር»

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ሙሉ የፎቶ ታሪኬን ጨረስኩ። 11 ፎቶ ነው፣ ከነካፕሽኑ። አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ የትልቅ ሰው ኮት ፈትተው ለ14 ዓመት ልጅ በልኩ ሲያደርጉለት ያሳያል። የኮቱ ሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ፎቶዎቹን መደርደርና ካፕሽን መጻፍ ግን ሁለት ወር ወሰደብኝ። ትናንት ለአንዲት ጓደኛዬ አሳየኋት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አየችና ታሪኩን መልሳ ነገረችኝ፣ አንድም ሳይዛባ። ይህን የምጽፈው ያ ደስታ ሳይበርድ ነው።

ስለ ማንሳቱ ብዙ አልልም። 214 ፎቶ አነሳሁ። የደበዘዙትንና የተደጋገሙትን ሳወጣ ወደ 40 ቀሩ። ከ40 ወደ 11 መውረድ ከባድ ቢሆንም መንገዱ ይታወቃል፤ ሁለት ፎቶ አንድ ነገር ከተናገሩ አንዱ ይቀራል። ችግሬ የጀመረው 11ዱን ይዤ ስቀመጥ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ካፕሽኖቼን አሁን ሳያቸው አንድ ነገር ይታየኛል። ከ11ዱ ዘጠኙ «ሲ» ያለበት ግስ ላይ ያበቃሉ። «ልብስ ሰፊው ኮቱን ሲፈቱ።» «ልብስ ሰፊው የልጁን ትከሻ ሲለኩ።» «ልብስ ሰፊው ጨርቁን ሲቆርጡ።» ጋዜጣ ላይ ስናየው ያደግነው አጻጻፍ ስለሆነ እጃችን ሳናስበው ይጽፈዋል። ግን አንባቢው መቀሱንም ጨርቁንም እያየ ነው። ዓይኑ ያየውን መልሼ እነግረዋለሁ ማለት ነው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ካፕሽን ማንበቡን ይተዋል፤ የግድ መነበብ ያለበት ስድስተኛው ላይ ሲመጣም ያልፈዋል።

ስለዚህ አሁን «ሲ» ያለበትን ዓረፍተ ነገር እጽፈውና እሰርዘዋለሁ። ከዚያ ስለዚያች ቅጽበት የማውቀው፣ ፎቶው ላይ ግን የማይታይ ምን አለ ብዬ እጠይቃለሁ። የመለኪያው ፎቶ «ልብስ ሰፊው የልጁን ትከሻ ሲለኩ» ይል ነበር። አሁን «ከአባትየው ትከሻ በአራት ጣት ይጠባል» ይላል። መለካቱን ፎቶው ይናገራል፣ የተገኘውን ልክ ካፕሽኑ። ሁለቱ አይደጋገሙም፤ አንዱ ከሌላው ውጭም አይቆምም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ሁለት ወሩን የበላው እሱ ነው።

በጣም የምወደው አንድ ፎቶ አለ። ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን አውልቀው፣ በሁለት ጣት የዓይናቸውን ጥግ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። ከጎን የመስኮት ብርሃን ገብቷል። ከ214ቱ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። አምስተኛ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት፣ ጨርቁ በመቀስ ከሚቆረጥበት ፎቶ ቀጥሎ። ምክንያቴ አንድ ብቻ ነበር፤ የሁለቱ ብርሃን ይመሳሰላል፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ ያምራሉ።

ያሳየኋቸው ሦስት ሰዎች ግን ሦስቱም አንድ ነገር አሉኝ። «ተሳስተው ቆረጡት እንዴ?»

አልተሳሳቱም። ዓይናቸውን ነበር የሚያሳርፉት። ታዲያ በካፕሽን አስተካክለዋለሁ አልኩ። መጀመሪያ «ልብስ ሰፊው በሐሳብ ተውጠው» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ካፕሽን ሳይሆን ፈጠራ ነው። ምን እያሰቡ እንደነበር አልጠየቅኋቸውም። ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ የተሳሳተ ሰው ነው በሐሳብ የሚዋጠው። ቀጥዬ «ዓይናቸውን ያሳርፋሉ፤ የቆረጡት ጨርቅ ልክ ነው» አልኩ። ይህኛው ከሁሉ የከፋ ሆነ። ማንም ሳይጠይቅ «ልክ ነው» ስትል ጥርጣሬውን አንተው ራስህ ትዘራለህ። ሦስተኛው ሙከራዬ ረጅም ነበር፣ አራት ዓረፍተ ነገር። አንድ ሰው እስከ መጨረሻው አነበበውና «እሺ፣ ግን የተሳሳቱ ይመስላሉ» አለኝ።

እዚያ ላይ ነው የገባኝ። ሰው መጀመሪያ ፎቶውን ያያል፣ ከፊቱ ከነበረው ፎቶ ጋር ያገናኘዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚያነበው። ካፕሽኑ ሲደርስ ፍርዱ አልቋል። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የሩሲያው የፊልም ባለሙያ ሌቭ ኩሌሾቭ አደረገው የሚባለው ሙከራ ይህንኑ ያሳያል። የአንድ ተዋናይ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሳጥን ጋር ተቀጥሎ ታየ። ፊቱ ያው አንድ ፊት ነው። ተመልካቹ ግን አንዴ ረሃብ፣ አንዴ ሐዘን አነበበበት። የእኔ መቀስ ያንን የሬሳ ሳጥን ሆኖ ነበር። የአደራደር ስህተት በቃላት አይታረምም፤ ይህን አሁን በሙሉ ልቤ እላለሁ።

መፍትሔው ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ ነበር። ያን ዕለት የጻፍኩትን ስገልጥ ዓይናቸውን የያዙት ወዲያው እንደቆረጡ ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ መሆኑን አየሁ። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ሲታገሉ ቆይተው ነው። የክሩን ፎቶ ግን ጥዬው ነበር፤ ትንሽ ደብዝዟል፣ ጣታቸው ተንቀሳቅሷል። ካወጣኋቸው ውስጥ ፈልጌ መለስኩት። ዓይናቸውን የሚያሳርፉበትን ከእሱ ቀጥሎ፣ ስምንተኛ ላይ አደረግኩት። ከመቀሱ ቀጥሎ ደግሞ እዚያው ከ11ዱ መሃል የነበረው፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው የተቆረጠ ጨርቅ መጣ። ቁጥሩ 11 ሆኖ እንዲቀር አንድ የሚያምር የመቀስ ፎቶ አወጣሁ። እሱን ማውጣት አሳዝኖኛል።

የክሩ ካፕሽን «ጥቁር ክር፣ ጥቁር ጨርቅ። በአራተኛው ሙከራ ገባላቸው» ይላል። የዓይኑ ደግሞ «‹መነጽሩ ከዓይኔ ጋር ከተጣላ ቆየ› ይላሉ» የሚል ሆነ። ከዚያ በኋላ ስለ ስህተት የጠየቀኝ የለም። የደበዘዘው ፎቶ ከወጣው ቆንጆ ፎቶ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ድልድዩ እሱ ነው። «ምርጥ ምርጡን ብቻ አስገባ» የሚለውን ምክር ከዚህ በኋላ አልቀበልም። ምርጥ ምርጦቹ ብቻቸውን ሲሰለፉ መሃል ላይ የጎደለውን አንባቢው ከራሱ ይሞላዋል፣ የሚሞላውም ብዙ ጊዜ ያልሆነ ነገር ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሁለተኛው ካፕሽኔ «ኮቱ የአባቱ ነበር» ይል ነበር። እውነት ነው፣ የአባቱ ነበር። አሁን የልጁ ነው። ያነበቡት ሁሉ ግን አባትየው የሞቱ መሰላቸው። አንዷ እንዲያውም የዓይኑን ፎቶ ስታይ «አባትየው ጓደኛቸው ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንባ እየጠረጉ መስሏታል። አባትየው በሕይወት አሉ፣ ደህና ናቸው፤ ወፍረው ኮቱ አልዘጋ ስላላቸው ነው የሰጡት። በአማርኛ የሰው ዕቃ ላይ «ነበር» ስንል ጆሮ ወዲያው ወደ ሞት ይሄዳል። አሁን እንዲህ ይላል፦ «ኮቱን የሰጡት አባቱ ናቸው። ለእሳቸው ጠቧል፣ ለእሱ ሰፍቷል።» ይህ ካፕሽን ሲቀየር ከሱ በኋላ ያሉት ዘጠኝ ፎቶዎች በሙሉ ተቀየሩ። ሐዘን የነበረው ትዕግሥት ሆነ። አንድም ፎቶ አልነካሁም።

ይህን ሁሉ ያገኘሁት በአንድ ቀላል ዘዴ ነው፣ ማንም ቢይዝልኝ ደስ የሚለኝ እሱን ነው። ፎቶዎቹን 10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳትሜ መሬት ላይ እደረድራለሁ። በስክሪን አይሆንም፤ በስክሪን አንድ በአንድ ነው የሚታየው፣ ጎረቤቱ አይታይም። ካፕሽኖቹን ለየብቻ ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ታሪኩን የማያውቅ ሰው እጠራና መጀመሪያ ፎቶዎቹን ብቻ አሳየዋለሁ፣ ምን እንደተፈጸመ ይነግረኛል። ለሌላ ሰው ደግሞ ወረቀቶቹን ብቻ በቅደም ተከተል አነብለታለሁ። የመጀመሪያው ሰው የሚሳሳትበት ቦታ የአደራደር ችግር ነው። ሁለተኛው ሰው ያለ ፎቶ ሁሉም ነገር ከገባው ደግሞ ካፕሽኖቹ የፎቶዎቹን ሥራ ቀምተዋል። አንድ ሰው የሚጠቅመው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ታሪኩን ካወቀ ዳግመኛ አዲስ ዓይን አይኖረውም። እኔ ሰባት ሰው ጨርሻለሁ።

ማስታወሻውን ግን በዚያው ምሽት መጻፍ ግድ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ጽፌ ሁለተኛውን ደክሞኝ ተውኩት። ኮቱ ስንት ዓመት እንደሆነው ሳልጠይቅ ቀረሁ፣ በኋላ ደውዬ ጠየቅሁ። እኔ መደወል ቻልኩ። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጆቿን አቅፋ የተቀመጠችውን እናት ስታነሳ ስሟን አልጠየቀችም። ካፕሽኑ የ32 ዓመት ሴት፣ የሰባት ልጆች እናት ይላል፣ ስም የለበትም። ፎቶው በዓለም ታውቆ ሴትየዋ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ የታወቀው በ1978 ነው። ያንን ካነበብኩ ወዲህ ካሜራዬን ከማስገባቴ በፊት ስምና ዕድሜ እጠይቃለሁ። ሁልጊዜ ነው ብል ግን ውሸት ይሆናል፤ ሰው ሲቸኩል አፍራለሁ፣ እተወዋለሁ።

አደራደር ላይ አንድ ያልፈታሁት አለ። በፎቶ ታሪክ ውስጥ ካፕሽኑ ሌላ ካልተናገረ አንባቢው ቅደም ተከተሉን እንደ ጊዜ ይወስደዋል። የእኔ ሦስተኛና አራተኛ ፎቶ በጊዜ ተገለባብጠዋል፤ ልኬቱ ከመፍታቱ በፊት ነበር፣ እኔ ግን ኮቱ ከተፈታ በኋላ አስቀምጬዋለሁ። ለታሪኩ ፍሰት ይሻላል። በካፕሽኑ ላይ «በማግስቱ» ወይም «ከዚያ» የሚል ቃል ስላላስገባሁ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አሳምናለሁ። ልቤ ግን ሙሉ በሙሉ አልረጋም። ምናልባት «ከመፍታታቸው በፊት ለክተዋል» ብዬ እጨምርበታለሁ።

የመጨረሻው ፎቶ ልጁ ኮቱን ለብሶ ከበሩ ሲወጣ ከኋላ ነው። የግራ እጅጌው እጁን ትንሽ ይውጠዋል። መጀመሪያ ስህተት እንዳይመስል ብዬ ከእጁ በላይ ቆርጬው ነበር። ደብተሬን ስገልጥ ልብስ ሰፊው ያሉትን አገኘሁ፣ ሙሉውን ፎቶ መለስኩ። ካፕሽኑ እንዲህ ነው፦ «እጅጌው በአንድ ጣት ይረዝማል። ‹ያድጋል› ብለው ተዉት።»