የጓሳው ሣር ለምን ገንፎ መሰለ? ቪዲዮ ከመለጠፌ በፊት አሁን የማደርገው

ጥቅምት ላይ ነው፣ ውርጩ በጣም ከባድ ነበር። ከመሐል ሜዳ በሌሊት ተነስተን ጎህ ሲቀድ መንዝ ጓሳ ደረስን። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል እየወጡ ሜዳው ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ነፋሱ ጓሳ የሚባለውን ሣር ወዲያና ወዲህ ያስተኛዋል፣ የወንዶቹ ጎፈር ይበተናል፣ ከገደሉ ጫፍ ጉም ይነሳል። አርባ ሰከንድ ያህል ቀረጽኩ። ስልኬ ላይ ሳየው ሣሩ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር።

ቪዲዮውን በመልእክት መላኪያ ለአክስቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ላክሁለት፣ እሱም አውርዶ በሚያስተዳድረው ገጽ ለጠፈው። ማታ ከፍቼ ሳየው ደነገጥኩ። ሣሩ አረንጓዴ ልጥፍ ሆኗል፣ ጎፈሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ጉሙ ውስጥ ደግሞ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይታያሉ። በማግስቱ ጓሳውን ለሚጠብቁት ጋሼ አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ጓሳችን ነው? ገንፎ መሰለ እኮ» አሉኝ።

መጀመሪያ የመጣልኝ መፍትሔ ብዙ ሰው የሚያስበው ነው፦ ፋይሉ ትልቅ ቢሆን ጥራቱ ይተርፋል ብዬ ያንኑ ቪዲዮ በጣም ከፍ ባለ ቢትሬት፣ ማለትም በየሰከንዱ ብዙ ዳታ እንዲይዝ፣ ኤክስፖርት አድርጌ በቀጥታ ጫንኩት። የኢንተርኔት ጥቅሌን በላው እንጂ ሣሩ ያው ሣር አልሆነም። ትንሽ ተሻሽሏል፣ ግን አሁንም ገንፎ ነው። ያኔ ነው ከጀርባ ምን እንደሚሠራ ቁጭ ብዬ የተማርኩት።

እኛ የምንጭነው ፋይል እንዳለ ለማንም አይታይም። ቪዲዮውን የምንጭንበት ድርጅት ከእሱ ብዙ ቅጂ ያዘጋጃል፦ 360p፣ 480p፣ 720p፣ 1080p እያለ። ጣርማ በር ላይ ኔትወርክ እየተቆራረጠበት የሚያይ ሰው አለ፣ አዲስ አበባ ቤቱ በዋይፋይ የሚያይም አለ፣ ማጫወቻው እንደ ኔትወርኩ ከአንዱ ቅጂ ወደ ሌላው ይዘላል። ስልኩ ሁሉ ሊከፍተው የሚችል ፎርማትም መሆን አለበት። የማከማቻውና የማስተላለፊያው ወጪም አለ። ስለዚህ ፋይሉ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ተፈትቶ እንደገና ይጨመቃል። ለእያንዳንዱ ቅጂ የሚመደበው የዳታ መጠንም የተወሰነ ነው።

ይህ የዳታ በጀት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። 1080p ቪዲዮ በሰከንድ 30 ፍሬም ሆኖ ጭራሽ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ በየሰከንዱ ወደ 746 ሜጋቢት ይፈጃል። ለተመልካች የሚደርሰው ቅጂ ለምሳሌ 3 ሜጋቢት ቢሰጠው፣ 250 ጊዜ ያህል ማነስ አለበት ማለት ነው።

ይህን የሚያህል መጨመቅ የሚቻለው አብዛኛው ቪዲዮ ራሱን ስለሚደግም ነው። ጨማቂው ሶፍትዌር እያንዳንዱን ፍሬም ከባዶ አይስልም። ካለፈው ፍሬም ላይ ቁራጭ ቁራጭ እየወሰደ «ይሄ እዚያው ነው፣ ይሄ ትንሽ ወደ ቀኝ ሄዷል» እያለ ይሠራል። የድንጋይ ግድግዳ ላይ በርኖስ ደርቦ የተቀመጠ ሰው ብትቀርጹ ግድግዳው አንዴ ይላካል፣ ከዚያ በኋላ እምብዛም አይፈጅም። በነፋስ የሚወዛወዝ ጓሳ ግን ሌላ ነው። በሺህ የሚቆጠር ቀጭን ሣር እያንዳንዱ በየራሱ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ካለፈው ፍሬም የሚቀዳ ነገር ብዙም የለም። በጀቱ ሲያልቅ ጨማቂው መጀመሪያ የሚጥለው ጥቃቅኑን ዝርዝር ነው፤ ሣርና ጎፈር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ጥቃቅን ዝርዝር ናቸው። ጉሙ ላይ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ቀስ እያለ ከነጭ ወደ ግራጫ የሚሄደው ቀለም ሲሸራረፍ ደረጃ ደረጃ ይሠራል፣ ያየሁት ቁርጥራጭ እሱ ነው።

እና የእኔ ቪዲዮ የተጨመቀው አንዴ ብቻ አልነበረም። ስልኩ ሲቀርጽ ጨመቀው፣ መልእክት መላኪያው እንደገና፣ ገጹ ለሦስተኛ ጊዜ። በእያንዳንዱ ዙር ያለፈው ዙር ጥሎት የሄደውን ቁርጥራጭና ብዥታ ቀጣዩ ጨማቂ እንደ እውነተኛ ምስል ቆጥሮ በጀቱን ያባክንበታል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው ዛሬም ሳልጭን የማልዘለውን ሙከራ የጀመርኩት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የቢትሬቱን ልክ እኔ ልወስን አልልም፣ ጥራቱን እኩል አድርጌ ቪዲዮው ስንት እንደሚፈልግ ራሱ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ይሠራል፦

```
ffmpeg -i sar.mp4 -vf scale=1080:-2 -c:v libx264 -crf 23 -an test.mp4
ffprobe -v error -show_entries format=bit_rate test.mp4
```

`-crf` ጥራቱን የሚወስነው ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። የሚወጣውን ቁጥር ለአንድ ሚሊዮን አካፍሉት፣ በሰከንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚፈልግ ታያላችሁ። በርኖስ ለባሹና ግድግዳው 2 ገደማ ጠየቁኝ። ጓሳው በዚያው ጥራት ከ14 በላይ ጠየቀ። ያን ያህል የሚሰጠው ማንም የለም። በዚህ ሙከራ ትልቅ ቁጥር የሚያወጣ ቪዲዮ የትም ቢጫን ይበላሻል፣ ሳይለጠፍ ማወቅ ይቻላል ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራው ያለው ሜዳው ላይ ነው፣ ኤክስፖርቱ ላይ ያለው ትንሹ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ አራት ነገር ቀየርኩ።

ጎህ ሲቀድ መቅረጽ ትቼ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ጠበቅሁ። በደካማ ብርሃን ስልኩ ኢሶውን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ ያደርጋል፣ ምስሉ ላይ የሚርገበገብ አሸዋ የመሰለ ነገር ይመጣል። ያ አሸዋ በየፍሬሙ አዲስ ስለሆነ ጨማቂው ሊቀዳው አይችልም፣ በጀቱን ይበላል። በእጄ መያዜን ትቼ ትሪፖድ ተጠቀምኩ፣ ነፋሱ እንዳያነቃንቀው እግሩ ላይ ድንጋይ ደረደርኩበት። ሹተሩን በፕሮ ሞድ 1/60 ሰከንድ ላይ አቆምኩት። ስልክ በራሱ ከተተወ በፀሐይ በጣም ፈጣን ሹተር ይመርጣል፣ ያኔ እያንዳንዱ ሣር በእያንዳንዱ ፍሬም ስለት ሆኖ ይታያል፣ ለመጨመቅ እጅግ ከባድ ነው። በ1/60 የሚንቀሳቀሰው ሣር ለስለስ ይላል፣ ለዓይንም ተፈጥሯዊ ነው። ፀሐዩ ሲበረታ ግን ምስሉ ነጭ ይሆናል፣ ያኔ ሌንሱ ላይ የሚገጠም ጥቁር ፊልተር ያስፈልጋል። እኔ ስለሌለኝ ደመና ሲያልፍ እየጠበቅሁ ቀረጽኩ።

ከሁሉም የጠቀመኝ አራተኛው ነው። ሜዳውን በሙሉ ማሳየት ትቼ በቴሌፎቶው ሌንስ አንድ ወንድ ጭላዳ ላይ አተኮርኩ፣ ፍሬሙን ሞላው። ከኋላው ያለው ሣር ከፎከስ ውጪ ሆኖ ደበዘዘ። የደበዘዘ ነገር ዝርዝር የለውም፣ ምንም ያህል አይፈጅም፣ ስለዚህ በጀቱ በሙሉ ለጎፈሩና ለፊቱ ቀረ። ይህ ቅጂ በሙከራዬ 5 አልሞላም።

ሲቀረጽ ኤችዲአር መጥፋት አለበት። በኤችዲአር የተቀረጸ ቪዲዮ ሲለወጥ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ታጥቦ ይወጣል። እኔ በ4ኬ ቀርጼ ወደ 1080 አወርደዋለሁ፣ አራት ፒክስል ወደ አንድ ሲጠቃለል አሸዋው ራሱ ይቀንሳል። የምጭነውን ፋይል የማዘጋጀው ከዋናው ነው፣ ከማንም ከተላከ ቅጂ አይደለም፦

```
ffmpeg -i chilada.mp4 -vf "hqdn3d=2,scale=1080:1920:flags=lanczos,fps=30" \
 -c:v libx264 -crf 16 -maxrate 16M -bufsize 32M -preset slow -pix_fmt yuv420p \
 -c:a aac -b:a 192k -movflags +faststart lelitef.mp4
```

ይህም ሆነ የሙከራው ትእዛዝ ለቁም ቪዲዮ ነው። `hqdn3d=2` የቀረውን አሸዋ በስሱ ያጠፋል። `fps=30` ደግሞ የስልኩን ወጣ ገባ ፍሬም እኩል ያደርገዋል። ሻርፕ ማድረግ አያስፈልግም፤ ጠርዙ ላይ የሚጨምረው ነጭ መስመር ሲጨመቅ ብልጭ ድርግም ይላል። `-crf 16` ከሚመደበው በጀት በላይ የሆነ ጥራት ይሰጣል፣ ይህም ሆን ተብሎ ነው፦ ሁለተኛው ጨማቂ ንጹሕ ምስል ማግኘት አለበት። ዩቲዩብ ለ1080p በ30 ፍሬም 8 ሜጋቢት እንዲጫን ይመክራል። እኔ እስከ እጥፍ እወጣለሁ። ከዚያ በላይ ጥቅል ማቃጠል ነው።

ለአክስቴ ልጅ አሁን በቴሌግራም `File` የሚለውን መርጬ ነው የምልክለት። በዚህ መንገድ ቪዲዮው ሳይነካ ይደርሳል፣ ጭመቃው አንድ ዙር ይቀንሳል።

ፎቶ ላይ ነገሩ ቀለል ይላል። ኢንስታግራም ከ1080 ፒክስል ስፋት በላይ ያለውን ስለሚያሳንስ እኔው በ1080 አዘጋጅቼ እጭናለሁ። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ አስቸግሮኛል፦ በአረንጓዴ ሣር ላይ የተጻፈ ቀይ ጽሑፍ። ጄፔግ ሲጨመቅ ብርሃኑ በእያንዳንዱ ፒክስል ይቀመጣል፣ ቀለሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ፒክስል አንድ ነው። የቀይና የአረንጓዴ ድንበር ስለዚህ ይቀላቀላል፣ ቀጭን የግዕዝ ፊደል ደግሞ ጭራሽ አይነበብም። ጥቁር መደብ ላይ ወፍራም ነጭ ጽሑፍ ይተርፋል።

ከጫንኩ በኋላ በራሴ ስልክ አልፈርድም፣ አንዳንዱ አፕ ለጊዜው ስልኩ ውስጥ ያለውን ፋይል ነው የሚያሳየው። ለሕዝብ ሳልከፍተው ትንሽ እጠብቃለሁ፣ ምክንያቱም ከፍተኛው ጥራት ዘግይቶ ነው የሚዘጋጀው። ከዚያ በሌላ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ እከፍተዋለሁ። የማየው ሦስት ቦታ ነው፦ የጎፈሩን ጫፍ፣ ጉሙን፣ እና ካሜራው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ሰከንድ።

ሰፊው የጓሳ ሜዳ በነፋስ ሲወዛወዝ ግን አሁንም በቪዲዮ አላዳንኩትም። ሁሉንም ሞክሬ ቁጥሩ ከ10 አልወረደም። ስለዚህ ሜዳውን በፎቶ እለጥፋለሁ፣ ፎቶ ውስጥ ሣሩ አይንቀሳቀስምና ዝርዝሩ ይቀራል፣ ቪዲዮው ደግሞ ቅርብ ቅርቡን ያሳያል።

ሁለተኛውን ቪዲዮ ለጋሼ በእሳቸው ስልክ፣ ከገጹ ላይ ከፍቼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው «ይሄንንማ አውቀዋለሁ፣ ጆሮው የተቀደደው ነው፣ ከታች ገደሉ ጋ የሚያድረው» አሉ።